ደም ስላልመጣ ነርቭ አልተነካም ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ «በአንድ ጤና ጣቢያ መርፌ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበት፣ በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚወስድ የ9 ዓመት ልጅ አለ። ክብደቱ 22 ኪሎ ነው። እንደተማርኩት ቀኝ መቀመጫውን ለአራት ከፍዬ የላይኛው የውጪ ሩብ ላይ ወጋሁት። ሳብ አድርጌ አይቻለሁ፣ ደም አልመጣም። መግፋት ስጀምር ‹እግሬን ነዘረኝ› ብሎ ጮኸ። የመድኃኒቱ ሕመም ነው ብዬ ጨረስኩት። ዛሬ 5ኛ ቀኑ ነው፤ እናቱ እግሩን እየጎተተ ነው ብላ አመጣችው። ምን ተሳሳትኩ? አሁን ምን ላድርግ? የሚቀጥለውንስ የት ልውጋ?»

ምላሽ፦

ከልጁ እንጀምር። ስህተቱ የትም አይሄድም፤ ልጁ ግን ቀን እየተቆጠረበት ነው።

ጫማና ካልሲውን አውልቀሽ አልጋ ላይ አስተኚው። መጀመሪያ በጤነኛው ግራ እግሩ እንዲያሳይሽ አድርጊ፤ ምን እንደፈለግሽ ቶሎ ይገባዋል። እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ራሱ ይሳብ። ከዚያ አውራ ጣቱን ብቻ ወደ ላይ ያንሳ። ቀጥለሽ መዳፍሽን ውስጥ እግሩ ላይ አድርጊና ፍሬን እንደሚረግጥ ሾፌር ይግፋሽ። በመጨረሻ በጥጥ የእግሩን የላይኛውን ገጽ፣ ከዚያም ውስጥ እግሩን ነካ ነካ አድርጊ፤ ዓይኑን ጨፍኖ የተሰማው ጊዜ ይንገርሽ። አሁን ቀኙን በተመሳሳይ መንገድ ፈትሺ። ወደ ታች መግፋት እየቻለ ወደ ላይ መሳብ ካቃተው፣ የእግሩ የላይኛው ገጽም ከደነዘዘ፣ የተጎዳው በአብዛኛው ፔሮኒያል የሚባለው የሳያቲክ ነርቭ ክፍል ነው። ሲራመድ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ ያነሳል፤ እግሩ ደግሞ መሬቱን በጥፊ እንደሚመታ ጠፍ ይላል። መግፋትም ካቃተውና ውስጥ እግሩም ከደነዘዘ ጉዳቱ ሰፊ ነው።

ያየሽውን ካርዱ ላይ ጻፊ። መቼ እንደተወጋ፣ የትኛው ጎን፣ ስንት ሚሊ እንደተሰጠ፣ ዛሬ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል። «ነዘረኝ» ማለቱንም በራሱ ቃል አስፍሪው። ይህ ራስን መክሰስ አይደለም። ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው መረጃ ይህ ነው።

ቀጥሎ ብዙ ባልደረቦች የሚዘሉት ነገር አለ። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ ድንገት ከለፈሰፈሰ፣ ምክንያቱ የቱንም ያህል ግልጽ ቢመስልሽ፣ የኤኤፍፒ፣ ማለትም የድንገተኛ ልፍስፍስ ሽባነት፣ ሪፖርት ይደረጋል። «ይሄ የመርፌ ነው፣ ፖሊዮ አይደለም» ማለት የአንቺም የእኔም ሥልጣን አይደለም። ከዚህም በላይ የፖሊዮ ቫይረስ በሰውነቱ ውስጥ ባለበት ሰሞን የተወጋ ልጅ፣ ሽባነቱ የተወጋበት እግር ላይ ሊወጣ እንደሚችል ከድሮ ጀምሮ ይታወቃል። ስለዚህ «ከመርፌ በኋላ ነው የጀመረው» የሚለው ብቻውን ፖሊዮን አያስወግድም። ይህ ልጅ ትኩሳት ከሌለው፣ ድክመቱ በዚያው ቅጽበት በአንድ እግር ከጀመረና ቆዳው ከደነዘዘ ወደ መርፌው ያመዝናል፤ ፖሊዮ ስሜት አያደነዝዝም። ቢሆንም ሪፖርቱ ዛሬ ይላክ። ሁለት የሰገራ ናሙና ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ይወሰዳል፤ ሁለቱም ድክመቱ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ መሆን አለባቸው። 5 ቀን አልፏል፤ 9 ቀን ቀርቶሻል።

ከዚያ ሪፈር። ፊዚዮቴራፒ ያለበት ሆስፒታል ይሂድ፤ ነርቭ ሐኪም ካለበት ደግሞ ይሻላል። እስኪደርስ ድረስ ቁርጭምጭሚቱ ዘጠና ዲግሪ ቆሞ እንዲቆይ የሚደግፍ ነገር ያስፈልገዋል። እግሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከሰነበተ የተረከዙ ጅማት ያጥርና፣ ነርቩ ቢያገግም እንኳ እግሩ አይመለስም። እናቱ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እግሩን በእጇ ቀስ ብላ ወደ ላይ እየሳበች እንድታፍታታው አሳዪያት። የተወጋበትን ቦታ ማሸትና በሙቅ ውኃ መተኮስ ግን ይቅር። ወጌሻ ጋ እንዳይወስዱትም በግልጽ ንገሪያት፤ ካልነገርሽ መውሰዷ አይቀርም። አጥንት አልወለቀም፣ የሚጎተትም ሆነ የሚመለስ ነገር የለም። የደነዘዘ እግር ደግሞ እሳት አያውቅም። ምድጃ አጠገብ ባዶ እግሩን አይቀመጥ፤ ማታ ማታ ውስጥ እግሩን ትይለት፣ ቁስል ካለ።

እናቱ «መቼ ይድናል?» ብትልሽ የማታውቂውን ቀን አትስጫት። ከነርቩ የተጎዳው ሽፋኑ ብቻ ከሆነ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ውስጡ ያሉት ክሮች ከሞቱ ግን ከጉዳቱ ቦታ ተነስተው እንደገና ማደግ አለባቸው፤ ያም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ9 ዓመት ልጅ ከመቀመጫ እስከ ጉልበት በታች ያለው ጡንቻ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ብንል 350 ቀን፣ ማለትም አንድ ዓመት ይጠጋል። የነርቭ ምርመራው፣ ኢኤምጂ የሚባለው፣ በ3 ወይም በ4 ሳምንት ቢሠራ ይሻላል። ቀድሞ ከተሠራ የሞቱት ክሮች ገና ምልክት ስለማይሰጡ ጉዳቱ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። በ3 ወር ውስጥ ምንም የመመለስ ምልክት ካልታየ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ያየው፤ ከ6 ወር በላይ «እንጠብቅ» ማለት ዕድሉን ማባከን ነው። የሚያቃጥል ሕመም ካለው ለነርቭ ሕመም የሚሆን መድኃኒት አለ፤ ሐኪሙ ያዝለታል፤ ዲክሎፌናክ አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ፦ ምን ተሳሳትሽ?

ከትልቁ ልነሳ። «ነዘረኝ» ሲልሽ አላቆምሽም። ይህ ቃል ከሌሎች የሕመም ቃላት ይለያል። ቤንዛቲን ያማል፤ የሚያመው ግን እዚያው የተወጋበት ቦታ ላይ ነው፤ ይከብዳል፣ ይጠዘጥዛል። እስከ እግር ጣት ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ የወረደ ነገር ግን የጡንቻ ሕመም አይደለም፤ መርፌው ነርቩን ነክቷል ወይም በጣም ቀርቦታል። ያን ጊዜ አንድ ጠብታ ሳትጨምሪ መርፌውን ቀጥ አድርገሽ ታወጫለሽ። ትንሽ መለስ አድርጎ ወይም አዙሮ መቀጠል የለም። በእንስሳት ላይ የተሠሩ ሙከራዎች እንዳሳዩት ባዶ መርፌ ነርቭን ወግቶ ቢወጣ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ከባዱ ጉዳት የሚመጣው መድኃኒቱ የነርቩ ጥቅል ውስጥ ሲገባ ነው። ከመድኃኒቶቹም ፔኒሲሊን፣ ዲያዜፓምና ክሎርፕሮማዚን ክፉዎቹ ናቸው። ስለዚህ ልጁ ሲጮህ የነበረው ጉዳት፣ ገፍተሽ ስትጨርሺ ከነበረው ጉዳት ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ይህን የምልሽ እንዲቆጭሽ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ እጅሽ በራሱ እንዲቆም ነው።

ሁለተኛው ደም አለመምጣቱን ማስተማመኛ ማድረግሽ ነው። ሳብ አድርጎ ማየት የሚነግርሽ ስለ ደም ሥር ብቻ ነው። ነርቭ ደም አይሰጥም። መርፌው ሳያቲክ ነርቭ መሃል ተቀምጦ እንኳ ሲሪንጁ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ለቤንዛቲን መሳቡን አልቃወምም፤ ይህ ወተት የመሰለ መድኃኒት ደም ወሳጅ ቧንቧ ውስጥ ከገባ ቆዳው መጀመሪያ ይገረጣል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ሥጋው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ያህል ሳብ አድርጊ። ነርቩን የሚጠብቅልሽ ግን የመረጥሽው ቦታ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቦታው ነው፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ሁላችንም «መቀመጫውን ለአራት ክፈል» ተብለን ነው የተማርነው። ማንም ግን መቀመጫው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አላሳየንም። ሱሪው በከፊል ዝቅ ሲል የሚታየውን ክብ ሥጋ ነው ለአራት የምንከፍለው። እውነተኛው አካባቢ ግን ከላይ ቀበቶ ከሚያርፍበት የዳሌ አጥንት ጠርዝ ይጀምራል። የሚታየውን ክብ ብቻ ለአራት ከከፈልሽ «የላይኛው የውጪ ሩብ» ያልሽው ቦታ በእውነቱ መሃል ይወድቃል። በተማሪዎች ላይ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፦ አሻንጉሊቱ ላይ በትክክል ይወጋሉ፣ ሰው ላይ ሲመጡ ሱሪው አራት ጣት ያህል ብቻ ዝቅ ይላል፣ ለአራት የሚከፍሉበት መስቀል አብሮ ይወርዳል።

ሳያቲክ ነርቭ በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ነው። ከዳሌ ውስጥ ወጥቶ ስንቀመጥ ወንበሩን በሚነካው አጥንትና በጎን በኩል በሚዳሰሰው የጭን አጥንት ጉብታ መካከል ወደ ታች ይወርዳል። በውጪ በኩል ያለው ክፍሉ ፔሮኒያል የሚባለው ነው። ከውጪ የመጣ መርፌ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፤ ዙሪያውን የሚጠብቀው ስብና ለስላሳ ሽፋንም ከሌላው ክፍል ያነሰ ነው። እግር ወደ ላይ መሳብ የማይችል ልጅ ከሌላው ይልቅ የምናየው ለዚህ ነው። አሁን ይህን ነርቭ 22 ኪሎ በሚመዝን የ9 ዓመት ልጅ ላይ አስቢው። ልጁ ለዕድሜው ቀጭን ነው። በአዋቂ ሰው ላይ ስህተትን ይቅር የሚለው ሥጋ እሱ ጋ የለም። ልጁ ቆሞ ወይም እናቱ ጭን ላይ ተንጋዶ ከነበረ፣ የመርፌሽ ጫፍም ትንሽ ወደ መሃል ካዘነበለ፣ ሁሉም ነገር ወደ ነርቩ አመጣሽ ማለት ነው።

«በትክክል ብከፍለውስ ኖሮ?» ትይኛለሽ። ያነሰ አደጋ ነበር፤ ዜሮ ግን አይደለም። በዚያ ሩብ ውስጥ እንኳ ሌላ ነርቭና ትልቅ ደም ወሳጅ ቧንቧ ያልፋሉ፤ በወፍራም ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ስብ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ምክሬ «መስቀሉን አስተካክለሽ ሳይው» አይደለም። ለልጅ ከኋላ መቀመጫ መውጋት አቁሚ። ለአዋቂም ሌላ ቦታ እያለ አትምረጪው። «ቤንዛቲን ወፍራም ስለሆነ ትልቁ ጡንቻ ይፈልጋል» የሚለው ከመምህር መምህር የተላለፈ አባባል ነው። የተሻሉ ሁለት ቦታዎች አሉሽ።

የመጀመሪያው የጭኑ የውጪ ጎን ነው፤ ቫስተስ ላተራሊስ የሚባለው ጡንቻ። የልጁን እግር አይተሽ ከዳሌው ጎን ጉብታ አንድ መዳፍ ወደ ታች፣ ከጉልበቱም አንድ መዳፍ ወደ ላይ ተዪ። በመካከል የቀረው፣ ከፊትና ከጎን በሚገናኙበት መስመር ላይ ያለው ሥጋ ነው የሚወጋው። መዳፉ የልጁ መዳፍ እንጂ ያንቺ እንዳይሆን፤ በአንቺ መዳፍ ከለካሽ የሚቀርሽ ቦታ የለም። ወደ ውስጥ ጭን አትሂጂ፤ ዋናው የደም ሥርና ነርቭ እዚያ ነው። ወደ ኋላም አትሂጂ፤ ሳያቲክ ከጭን በስተኋላ ነው የሚወርደው። እዚህ ቦታ ላይ የሚኖረው የቆዳ ስሜት ነርቭ ነው፤ ቢነካ ጭኑ ላይ ትንሽ መደንዘዝ ያመጣል እንጂ እግር አያሽመደምድም። ጉድለቱን ልደብቅሽ አልፈልግም፦ ቤንዛቲን ጭን ላይ ሲሰጥ በማግሥቱ ሲራመድ ያማል። አንድ ቀን አንክሶ መሄዱን እናቱ አስቀድማ ትወቅ፤ አለበለዚያ «ይሄም ተበላሸ» ብላ ትደነግጣለች። የሕመሙ ማንከስ እግሩን ወደ ላይ መሳብ አይከለክልም፤ ልዩነቱ እዚያ ነው።

ሁለተኛው የዳሌ ጎን ነው፣ ቬንትሮግሉቲያል። በ1950ዎቹ ፎን ሆክስቴተር የተባለ የአናቶሚ ባለሙያ ለዚሁ ችግር ብሎ ያመጣው ቦታ ነው። ብዙዎቻችን በመጽሐፍ አይተነው፣ በእጃችን ሳንነካው ነው የተመረቅነው። አዋቂ ሰው ላይ እንዲህ ነው፦ ሰውየው በጎኑ ይተኛል፣ ከላይ ያለውን ጉልበት ትንሽ ያጥፍ። የመዳፍሽን ተረከዝ በጎን ያለው የጭን አጥንት ጉብታ ላይ አሳርፊ። አመልካች ጣትሽ ከፊት የሚወጣውን የዳሌ አጥንት ጫፍ ይንካ። የመሃል ጣትሽን ወደ ኋላ ዘርጊና የዳሌውን ጠርዝ አስነኪ። በሁለቱ ጣቶች መካከል የተፈጠረው ቪ መሃሉ ላይ ነው የሚወጋው። ለቀኝ ዳሌ ግራ እጅሽን፣ ለግራ ዳሌ ቀኝ እጅሽን ትጠቀሚያለሽ፤ ካቀያየርሽው ጣትሽ ወደ ኋላ ዞሮ ቪው ወደ መቀመጫ ይሄዳል። በቀኝ እጅ የምትሠሪ ከሆነ ለግራ ዳሌ የለካሽበትን ቦታ በእስክሪብቶ ጫፍ ነጥብ አድርጊና እጅሽን አንሺ፤ በጣቶችሽ መካከል አትውጊ። ራስሽን ትወጊያለሽ።

ለ9 ዓመት ልጅ መዳፍሽ ከዳሌው ይበልጣል። ስለዚህ መዳፍን ትተሽ ሦስቱን አጥንቶች በጣት ዳስሽ፦ የጎን ጉብታ፣ የፊት ጫፍ፣ የላይ ጠርዝ። ሦስት ማዕዘኑ ሲታይሽ መሃሉን ውሰጂ። አጥንቶቹን ማግኘት ካልቻልሽ እዚያ አትውጊ፤ ወደ ጭኑ ተመለሺ። ይህን ቦታ ከልጁ በፊት በባልደረባሽ ዳሌ ላይ፣ ያለ መርፌ፣ ሃያ ጊዜ ዳስሽው። ምሳ ሰዓት ላይ ይሠራል፤ ሳቅ ይበዛዋል እንጂ።

የላይኛው ክንድ ለቤንዛቲን አይሆንም። እዚያ የሚገባው 1 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ ለክትባት ነው የሚበቃው። ግን መርፌ ክፍል ስለሆንሽ አንድ ነገር ልጨምር። ትከሻ ላይ የሚወጣውን አጥንት ከዳሰስሽ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ወደ ታች ነው ቦታው። በጣም ከወረድሽና ወደ ኋላ ከሄድሽ የእጅ አንጓን የሚያነሳው ራዲያል ነርቭ አለ። ሰውየው ተቀምጦ አንቺ ቆመሽ፣ ሸሚዙ ከአንገቱ በኩል ወደ ታች ተጎትቶ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ብለሽ መገጣጠሚያው ውስጥ ትወጊያለሽ። ሸሚዙ ይውለቅ፣ አንቺም ተቀመጪ።

የሚቀጥለው መርፌ። መጀመሪያ፣ አይቋረጥም። እናቱ ፈርታ ልትቀር ትችላለች፤ አንቺም ፈርተሽ ልታሳልፊው ትችያለሽ። ጉሮሮው የሩማቲክ ሕመሙን ባመጣው ባክቴሪያ እንደገና ቢያዝ የልቡ ቫልቭ የሚከፍለው ዋጋ ከእግሩ የከበደ ነው። ለጊዜው መርፌ አልፈልግም ካሉ ሐኪሙ ፔኒሲሊን ቪ 250 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ በአፍ ሊያዝለት ይችላል፤ ግን በየቀኑ ሳይረሳ መዋጥ አለበት፣ ያ ደግሞ በተግባር ከባድ ነው። ስለዚህ ቀኑን ጠብቂ፣ በግራ ጭን ስጪ። ቀኝ እግሩ እስኪለይለት ድረስ አይነካ፤ አዲስ ነገር ቢመጣ የድሮው ነው ወይስ የአሁኑ ብለሽ መለየት ያቅትሻል። ከዚያ በኋላ ግራ ጭንንና የግራ ዳሌን ጎን እያፈራረቅሽ ቀጥይ።

አሰጣጡ እንዲህ ይሁን። ከ30 ኪሎ በታች ስለሆነ መጠኑ 600,000 ዩኒት ነው። ከ30 ኪሎ ጀምሮ ነው 1.2 ሚሊዮን የሚሆነው፤ ያለፉትን ካርዶች ተመልከቺ፣ ምናልባት የአዋቂ መጠን ሲሰጠው ከርሞ ይሆናል። ዱቄቱን በማምረቻው ወረቀት ላይ በተጻፈው ውኃ በጥብጪ፤ ውኃ ማብዛት የሚገባውን ሚሊ ሊትር ያበዛል፣ ማሳነስ ደግሞ መርፌውን ይደፍናል። ከፍሪጅ የወጣ መድኃኒት ወይም ውኃ ከሆነ በእጅሽ ይዘሽ ይሙቅ። መርፌው 21 ጌጅ ይሁን፤ ለቀጭን ልጅ ጭን 25 ሚሊ ሜትር ርዝመት ይበቃል። ልጁ ይተኛ፤ እናቱ ጭንቅላቱ ጋ ትቁም። ከመውጋትሽ በፊት እንዲህ በይው፦ «እዚሁ ቦታ ላይ ያምሃል፤ እግርህን እስከ ታች ከነዘረህ ግን ‹ነዘረኝ› በለኝ፣ ወዲያው አወጣዋለሁ»። የ9 ዓመት ልጅ ይህን በደንብ ይረዳል። ለአንቺም ከሲሪንጁ የተሻለ መሣሪያ እሱ ራሱ ነው።

ቆዳውን ወደ አንድ ጎን ሳብ አድርገሽ ያዢ፣ መርፌውን ዘጠና ዲግሪ አስገቢ፣ ሳብ አድርገሽ እዪ፣ ከዚያ 2 ወይም 3 ደቂቃ ወስደሽ ቀስ ብለሽ ግፊ። ፒስተኑ ከቆመ በኃይል አትጫኚው፤ ተደፍኗል ማለት ነው። ኃይል ስታበዢ ድንገት ይለቅና መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ይፈነጠቃል። አውጪው፣ መርፌውን ቀይሪ፣ ሌላ ቦታ ላይ ጀምሪ። ከጨረስሽ በኋላ አትሺው። 30 ደቂቃ እዚያው ይቆይ፣ አድሬናሊን በእጅሽ ይሁን። የልብ ቫልቩ በጣም የተጎዳ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም እግሩ የሚያብጥ ልጅ ከሆነ ደግሞ ከመውጋትሽ በፊት ሐኪሙን ጠይቂ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ በአፍ የሚወሰደው ሊሻለው ይችላል።

ስለ መርፌ ክፍልሽ አንድ ነገር ብቻ። ወረፋው ውስጥ ካሉት ስንቶቹ ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክ ሊወጉ ነው የመጡት? ታካሚው «ኪኒን አይነካኝም፣ መርፌ ነው የሚያሽለኝ» ይላል፣ እኛም እንወጋለን። ቤንዛቲን በመርፌ እንጂ በሌላ መንገድ አይሰጥም። ዲክሎፌናክ ግን በኪኒን አለ፣ መዋጥ ለሚችል ሰው ኪኒኑ ይበቃዋል። ማዘዣው ላይ መርፌ ተጽፎ መዋጥ ለሚችል ሰው ከመጣ ወደ ጻፈው ሰው መልሺው።

ልጁን በየ4 ሳምንቱ ታገኚዋለሽ። መርፌውን ከመስጠትሽ በፊት ሁልጊዜ ያንኑ ፈተና ድገሚ፦ ወደ ላይ መሳብ፣ አውራ ጣት፣ መግፋት፣ ጥጥ። ካርዱ ላይ ከቀኑ ጎን የተወጋበትን ቦታ አብረሽ ጻፊ፣ «ግራ ጭን» ብለሽ። አንቺ በዓመት ፈቃድ ላይ ስትሆኚ የምትተካሽ ነርስ ያን አይታ ወደ ቀኝ መቀመጫው እንዳትመለስ።